ቡና ላኪዎች በCc እና በBcc የሚሠሯቸው፣ ዋጋ የሚያጋልጡ ስህተቶች

አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር በተለምዶ 320 ጆንያ ቡና ይጫንበታል። ጆንያው 60 ኪሎ ስለሆነ ድምሩ 19,200 ኪሎ፣ ማለትም ወደ 42,300 ፓውንድ ይሆናል። የውጭ ገዥዎች ዋጋ የሚነጋገሩት በፓውንድ ሂሳብ ነው። በሁለት ገዥዎች ዋጋ መካከል የ15 ሳንቲም ልዩነት ካለ በአንድ ኮንቴይነር ከ6,300 ዶላር በላይ ይመጣል። ልዩነቱ መኖሩ ተፈጥሯዊ ነው፤ አንዱ ገዥ ብዙ ይወስዳል፣ ሌላው ቶሎ ይከፍላል፣ ሦስተኛው የተዋዋለው የኒውዮርክ ገበያ ወርዶ በነበረበት ሳምንት ነው። ችግሩ የሚመጣው አንዱ ገዥ የሌላውን ዋጋ ሲያይ ነው። ይህ ደግሞ በአብዛኛው በተንኮል ሳይሆን በጥድፊያ በተላከ ኢሜይል ይሆናል።

ስህተት 1፦ የዋጋ ዝርዝሩን ለሁሉም ገዥ በCc መላክ

To ወይም Cc ላይ የተጻፈ አድራሻ ኢሜይሉ ለደረሰው ሁሉ ይታያል። አሥር ገዥዎችን በCc ያስገባ ላኪ ለእያንዳንዳቸው የደንበኞቹን ሙሉ ስም ዝርዝር ሰጥቷቸዋል። ከዚያ የባሰውም ይከተላል፦ አንዱ ገዥ Reply all ተጭኖ «በዚህ ዋጋ አንወስድም፣ 20 ሳንቲም ቀንሱ» ብሎ ይጽፋል፤ ዘጠኙም ያነባሉ። ከዚያ በኋላ የወጣው ዝርዝር የመነሻ ዋጋ መሆኑ ይቀራል፣ ሁሉም ድርድሩን ከዝርዝሩ 20 ሳንቲም ቀንሶ ይጀምራል።

ብዙ ጊዜ የዚህ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አድራሻን ከሌሎች ተቀባዮች የሚሰውረው የBcc መስመር ካልከፈቱት አይታይም። በጂሜይል To የሚለውን መስመር ሲጫኑ በስተቀኝ Bcc የሚል ይመጣል፣ እሱን ይጫኑ። በቆየው አውትሉክ አዲስ ኢሜይል ከፍተው Options ውስጥ Bcc ይላል። To ላይ የራስዎን አድራሻ ያስገቡ፣ ገዥዎቹን በሙሉ Bcc ውስጥ ያስቀምጡ። ያኔ አንዱ ገዥ Reply all ቢጫን እንኳ መልሱ የሚመጣው ለእርስዎ ብቻ ነው።

ይህ ግን የሚሠራው ለሁሉም አንድ ዓይነት ዋጋ ሲልኩ ብቻ ነው። ከድሮ ደንበኛ ጋር የተለየ ስምምነት ካለዎት በጅምላ ኢሜይል ውስጥ አያስገቡት፤ ለብቻው ይጻፉለት። ለነገሩ የጅምላ ኢሜይል መሆኑን ገዥ ወዲያው ያውቃል፤ ስሙም አይጠራበትም፣ To ላይም የላኪው አድራሻ ብቻ ነው። ለሦስት ለአራት ገዥ ከሆነ እያንዳንዱን በስሙ ጠርተው ለየብቻ መጻፉ ከBcc ይሻላል።

ስህተት 2፦ በአሮጌ የዋጋ ንግግር ላይ አዲስ ሰው መጨመር

ከሁሉም የሚበዛውና ብዙ የሚያስከፍለው ይህ ነው፤ ስለዚህ በምሳሌ እንየው።

አንድ ላኪ ይርጋጨፌ ደረጃ 2 የታጠበ ቡና ለሁለት ገዥዎች ሸጧል እንበል። ለሃምቡርጉ ገዥ በፓውንድ 3.80 ዶላር፣ ለጅዳው ገዥ ደግሞ ሁለት ኮንቴይነር በ3.95 ዶላር። ሁለቱም ጭነቶች በአንድ ሳምንት ጅቡቲ ይደርሳሉ፣ የመርከብ ቦታ የሚይዝላቸውም አንድ ወኪል ነው። የላኪው ሠራተኛ የመርከቡን ቀን በአንዴ ለሁሉም ማሳወቅ ፈለገ። አድራሻ ከመፈለግ ብሎ የሃምቡርጉን ገዥ የመጨረሻ ኢሜይል ከፈተ፣ Reply ተጫነ፣ ወኪሉንና የጅዳውን ገዥ Cc ላይ ጨመረ፣ ርዕሱን «የመርከብ ቀን» ብሎ ቀየረ፣ ሁለት መስመር ጽፎ ላከ።

የተላከው ግን ሁለት መስመር አልነበረም። ከጽሑፉ በታች የሁለት ሳምንት ድርድር ተጣብቋል፦ 3.90 ተጠየቀ፣ 3.75 ቀረበ፣ በ3.80 ተዘጋ። ርዕስ መቀየር ከሥር ያለውን አያጠፋም። ጂሜይል ላይ ደግሞ ይህ የቆየ ጽሑፍ በሦስት ትናንሽ ነጥቦች ሥር ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ ላኪው አያየውም፤ ለተቀባዩ ግን ነጥቦቹን መጫን ብቻ በቂ ነው። በማግስቱ የጅዳው ገዥ ሁለቱን ኮንቴይነር በ3.80 ካልሆነ አልቀበልም ሊል ይችላል። ልዩነቱ ከ12,600 ዶላር በላይ ነው። የሃምቡርጉም ገዥ ተፎካካሪው ማን እንደሆነ አወቀ፤ የመርከብ ወኪሉም ምንም የማያስፈልገውን ዋጋ ይዞ ቀረ።

መፍትሔው ሁለት ክር፣ ማለትም ሁለት የተለያዩ የኢሜይል ምልልሶች መያዝ ነው። ዋጋና ኮንትራት የሚነገርበት ኢሜይል ከገዥው ጋር ብቻ ይቆያል። ኮንትራቱ ከተፈረመ በኋላ ለጭነቱ አዲስ ኢሜይል ከባዶ ይከፈታል፤ Reply አይደለም፣ Forward አይደለም፣ አዲስ። ርዕሱ ላይ የኮንትራት ቁጥሩንና «ጭነት» የሚለውን ቃል ያድርጉ። ወኪሉ፣ ትራንዚተሩና መጋዘኑ የሚገቡት በዚህ ክር ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ገዥም የራሱ የጭነት ክር ይኑረው፤ መርከቡ አንድ ቢሆንም ሁለት ገዥዎችን በአንድ ኢሜይል የሚያገናኝ ምክንያት የለም።

የግድ በቆየው ላይ መመለስ ካለብዎት ሦስቱን ነጥቦች ተጭነው የተሸፈነውን ይክፈቱ፣ ከፊርማዎ በታች ያለውን ሁሉ መርጠው ይሰርዙ፣ ከዚያ ብቻ አዲሱን ሰው ይጨምሩ። አዲስ የተጨመረ ሰው የሚያየው በዚያ ኢሜይል ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፤ የቀደሙት ወደ ሳጥኑ አይገቡም። ግን ልብ ይበሉ፦ ገዥው ራሱ በሌላ ቀን ከአሮጌዎቹ በአንዱ ላይ መልስ ጽፎ ወኪሉን Cc ቢያደርግ የሰረዙት ሁሉ ይመለሳል። ክሩን መለየት ከመሰረዝ የሚበልጠው ለዚህ ነው።

Reply እና Forward በአባሪ ፋይል ላይም ይለያያሉ። Reply አባሪውን ጥሎ ይሄዳል፤ Forward ግን ይዞ ይሄዳል። «ይህን ለትራንዚተሩ አስተላልፍለት» ተብሎ Forward የተደረገ ኢሜይል ኮንትራቱን አብሮ ሊያወጣ ይችላል። በጽሑፉ መሃል የተለጠፈ የዋጋ ሰንጠረዥ ፎቶ ደግሞ በሁለቱም ይሄዳል።

ስህተት 3፦ አለቃን በBcc ማስገባት

ለገዥ ዋጋ ሲጽፉ ሥራ አስኪያጁ እንዲያውቀው ብለው በBcc የሚያስገቡ ብዙ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ በስልኩ ያነበዋል፣ Bcc ላይ መሆኑን ሳያስተውል Reply all ይጫናል፣ «ከ3.70 በታች እንዳትወርድ» ብሎ ይጽፋል። መልሱ To እና Cc ላይ ላሉት ሁሉ፣ ገዥውን ጨምሮ ይሄዳል። የመጨረሻው ዋጋ ወለል በዚህ መንገድ ወጣ ማለት ነው። ገዥውም በድብቅ የሚያነብ ሦስተኛ ሰው እንደነበረ ያውቃል፤ ይህም ራሱን የቻለ ቅሬታ ይፈጥራል።

ይልቅ ኢሜይሉ ለገዥው ከሄደ በኋላ Sent ውስጥ ገብተው ለአለቃዎ Forward ያድርጉት። እሱ Reply all ቢጫን እንኳ የሚደርሰው ለእርስዎ ብቻ ነው። ዋጋ ላይ የውስጥ ምክክር ካለም ከገዥው ኢሜይል ጋር ባልተያያዘ አዲስ ኢሜይል ይደረግ።

ስህተት 4፦ ለማያስፈልገው ሰው ኮሜርሻል ኢንቮይስ ማያያዝ

የጭነት ሰነዶች በአንድ ፎልደር ስለሚቀመጡ ሁሉንም መርጦ ማያያዝ ይቀናል። ዋጋ ያለው ግን ኮንትራቱና ኮሜርሻል ኢንቮይሱ ላይ ነው። ፓኪንግ ሊስት የጆንያ ብዛትና ክብደት ነው የሚይዘው፣ ዋጋ የለበትም። ባንኩና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን የሚሞላው ትራንዚተር ኢንቮይሱን ይፈልጋሉ፤ ለየብቻ ይላክላቸው። የመርከብ ቦታ ለሚይዘው ወኪል ግን ፓኪንግ ሊስቱና የጭነት መመሪያው ይበቃዋል።

ኤክሴል የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የመግዣ ዋጋና ትርፍ የሚሰሉባቸውን ዓምዶች Hide አድርጎ ለገዥ መላክ መደበቅ አይደለም፤ ተቀባዩ ዓምዶቹን መርጦ በቀኝ ጠቅታ Unhide ሲል ሁሉም ይወጣል። የተደበቀ ሉህም እንደዚያው ነው። የሚላከውን ክፍል ብቻ ወደ አዲስ ፋይል ኮፒ አድርገው Paste Special ውስጥ Values ብለው ይለጥፉ፣ ከዚያ ፒዲኤፍ አድርገው ይላኩ። ኤክሴሉ ራሱ መላክ ካለበት File > Info > Check for Issues > Inspect Document የተደበቀ ዓምድና ሉህ ካለ ይነግርዎታል።

ስህተት 5፦ አድራሻን ቀድሞ መሙላት

ሁለት ፊደል ሲጽፉ ፕሮግራሙ ስም ይሞላል፤ አህመድ የሚባል በጅዳም በዱባይም ይኖራል። ስለዚህ መጀመሪያ ጽሑፉን ይጻፉ፣ አባሪውን ያያይዙና ከፍተው ይዩ፣ አድራሻውን መጨረሻ ላይ ያስገቡ። አድራሻ የሌለው ኢሜይል በስህተት ቢጫኑትም አይሄድም። በስም ሳይሆን ከ@ በኋላ ባለው የድርጅት ስም ያረጋግጡ። ጂሜይል ውስጥ Settings > General > Default reply behavior ላይ Reply መመረጡንም ይመልከቱ፤ Reply all ከሆነ እያንዳንዱ መልስዎ ሳያስቡት ለሁሉም እየሄደ ነው።

ስህተት 6፦ ከወጣ በኋላ በRecall መተማመን

የአውትሉክ Recall የሚሠራው በአንድ ድርጅት ውስጥ ላሉ ሳጥኖች ነው። ሃምቡርግ ወይም ጅዳ የደረሰ ኢሜይል አይመለስም፤ እንዲያውም ለመመለስ መሞከርዎን የሚገልጽ መልእክት ለተቀባዩ ደርሶ ትኩረቱን ሊስብ ይችላል። ያለዎት ዕድል ከመውጣቱ በፊት ነው። ጂሜይል Settings > General > Undo Send ላይ 5 ሰከንድ ያለውን ወደ 30 ይቀይሩት። በቆየው አውትሉክ ደግሞ Rules ውስጥ ለሚላኩ ኢሜይሎች ሁሉ defer delivery by a number of minutes የሚለውን መርጠው 5 ደቂቃ ይስጡት፤ ኢሜይሉ እስከዚያ Outbox ውስጥ ይቆያል፣ ከፍተው ማረም ይችላሉ።

ከወጣ ግን በዚያው ክር ላይ Reply all ብለው «እባካችሁ አትክፈቱት» አይጻፉ፤ ያላየውም ይከፍተዋል። መጀመሪያ ዋጋው ለወጣበት ገዥ ይደውሉ፣ ከሌላ ከመስማቱ በፊት ከእርስዎ ይስማው። ቀጥሎ ላላግባብ ለደረሳቸው ለየብቻ አጭር ኢሜይል ጽፈው እንዲሰርዙት ይጠይቁ፤ በዚህ ኢሜይል ውስጥ ዋጋውን አይድገሙ፣ የቆየውንም አያስከትሉ። የፈረመው ገዥ ዋጋ ይቀነስልኝ ካለ የተፈረመው ኮንትራት ይዟል፤ መልስዎም የሌላውን ገዥ ስምና ዋጋ ሳያነሱ የእሱን ብዛት፣ የክፍያ ሁኔታና የተዋዋለበትን ቀን ብቻ ይጥቀስ። ገና ላልፈረመው ግን ቀጣዩን ዋጋ ከመላክዎ በፊት የወጣውን ቁጥር እንደሚያውቅ ቆጥረው ያስሉ።