«ቢያውገ» የማን ልጅ ነው? የቻይንኛ የዝምድና ስሞችን ስንተረጉም የምንሠራቸው ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመንገድ ግንባታ ላይ አስተርጓሚ ሆኜ ስሠራ፣ አንድ ፌራዮ ፈቃድ ሊጠይቅ መጣ። «የአጎቴ ልጅ አርፎ ለቀብር ልሄድ ነው» አለ። እኔም ለቻይናዊው ተቆጣጣሪ «ታንግገ» ብዬ አስተላለፍኩ። ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ከፈረመ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የወንድሙን ልጅ ማጣት ለአባትህም ከባድ ነው» አለው። ፌራዮው ግራ ተጋባ። አባቱ ወንድም የላቸውም። የሞተው የእናቱ ወንድም ልጅ ነበር፣ ያውም ከእሱ በሦስት ዓመት የሚያንስ። በአንዲት ቃል ሁለት ስህተት ሠርቼ ነበር፤ «ታንግገ» ከተናጋሪው የሚበልጥ የአባት ወንድም ልጅ ነው፤ በእናት በኩል ላለ ታናሽ ማለት የነበረብኝ «ቢያውዲ» ነው።

«አጎት» ከሆነ ታንግ፣ «አክስት» ከሆነ ቢያው ነው ብሎ ማሰብ

የእኔ የመጀመሪያ ስህተት ይህ ነበር፤ አብዛኛው ተማሪም የሚወድቀው እዚሁ ላይ ነው። አማርኛ የሚጠይቀው መሐል ላይ ያለው ሰው ወንድ ነው ወይስ ሴት የሚለውን ነው። ወንድ ከሆነ የአጎት ልጅ፣ ሴት ከሆነች የአክስት ልጅ እንላለን። በአባት ይሁን በእናት በኩል፣ ልጁ ራሱ ወንድ ይሁን ሴት፣ ይብለጥ ይነስ፣ ቃሉ አይነግረንም። ቻይንኛ ግን የሚጠይቀው የማን ቤት ልጅ እንደሆነ ነው። «ታንግ» አዳራሽ ማለት ነው፤ በአንድ የአያት ቅድመ አያት አዳራሽ ሥር የሚቆጠሩ፣ አንድ የቤተሰብ ስም የሚጋሩ ልጆችን ያመለክታል። እነዚህም የአባት ወንድም ልጆች ብቻ ናቸው። «ቢያው» ውጭ ማለት ነው። የአባት እህት፣ የእናት ወንድምና የእናት እህት ልጆች ሁሉ በዚህ ይጠቃለላሉ።

ስለዚህ የአክስት ልጅ ሁልጊዜ ቢያው ነው። የሚያስቸግረው የአጎት ልጅ ነው፤ አጎትየው የአባት ወንድም ከሆነ ታንግ፣ የእናት ወንድም ከሆነ ቢያው ይሆናል። የቤተሰብ ስም ባይኖረንም እኛም ጋ አንድ ጥሩ መለያ አለ፦ የአያት ስም። ሁለቱ ሰዎች መታወቂያቸው ላይ ሦስተኛው ስም አንድ ከሆነና ያም ስም የአንድ ሰው ከሆነ፣ የወንድማማቾች ልጆች ናቸውና ታንግ ነው። አበበ ከበደ ተሰማና ሙሉጌታ ዓለሙ ተሰማ የአንዱ ተሰማ የልጅ ልጆች ከሆኑ ጉዳዩ አለቀ። ያን ዕለት የፌራዮውንና የሟቹን ስም እስከ አያት ጠይቄ ቢሆን ኖሮ አልሳሳትም ነበር።

ከቻይንኛ ወደ አማርኛ ስንመጣ ጥያቄው ይገለበጣል። «ቢያውገ» የሚለው ቃል ወንድ መሆኑንና ከተናጋሪው እንደሚበልጥ ይነግረናል፤ የአጎት ይሁን የአክስት ልጅ ግን አይለይም። እዚህ ላይ አማርኛ የበለጠ ይጠይቃል ማለት ነው! መፍትሔው ተናጋሪዋ የልጁን ወላጅ ምን ብላ እንደምትጠራ ማዳመጥ ነው። «ጉጉ» ካለች የአባቷ እህት፣ «ዪማ» ካለች የእናቷ እህት ናት፤ ስለዚህ የአክስት ልጅ። «ጂዩጂዩ» ካለች የእናቷ ወንድም ነው፤ ስለዚህ የአጎት ልጅ። በተከታታይ ድራማ ትርጉም ላይ ሁለት ሦስት ክፍል ቀድሞ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ወላጁ አንድ ቦታ ላይ ብቅ ማለቱ አይቀርም።

ድራማው የጥንት ከሆነ ሌላም ጣጣ አለ። ልጅቷ ቢያውገዋን ልታገባ ስትል እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚጋባ የእኛ ተመልካች ይደነግጣል፤ ተርጓሚውም «ዘመዷ» ብሎ ሊያድበሰብሰው ይቃጣዋል። በድሮው የቻይና ልማድ ግን የተከለከለው አንድ የቤተሰብ ስም ካለው ከታንግ ጋር መጋባት ነበር፤ ከቢያው ጋር መጋባት የተለመደ ነበር። ሁለቱንም የከለከለው እ.ኤ.አ. የ1980ው የጋብቻ ሕግ ነው። «የአክስቴ ልጅ» ተብሎ በግልጽ ካልተተረጎመ የታሪኩ ግማሽ ይጠፋል።

ዕድሜውን ከተሳሳተ ሰው ጋር ማወዳደር

«እህቴ» የሚለውን ቃል ወደ ቻይንኛ ለመመለስ ታላቅ ናት ወይስ ታናሽ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው፤ ታላቋ ጂዬጂዬ፣ ታናሿ ሜይሜይ ናት። ወንድምም እንዲሁ ገገ ወይም ዲዲ ነው። ይህን ሁሉም ይማረዋል። ስህተቱ የሚመጣው ወደ አጎቶች ስንሻገር ነው። «ቦቦ» ከአባቴ የሚበልጥ የአባቴ ወንድም፣ «ሹሹ» ደግሞ ከአባቴ የሚያንስ ነው፤ የሚወዳደረው ከአባቴ ጋር እንጂ ከእኔ ጋር አይደለም። ልጆቻቸው ግን እንደገና ከእኔ ጋር ይወዳደራሉ። የታላቁ አጎቴ፣ የቦቦ ልጅ ከእኔ በአንድ ወር ቢያንስ እንኳ ታንግዲ ነው፤ አባቱ ስለበለጠ እሱ ገገ አይሆንም። ጂዩጂዩ ደግሞ ከእናት ቢበልጥም ቢያንስም ቃሉ ያው ነው። መለየት ሲያስፈልግ ታላቁ፣ ሁለተኛው፣ ትንሹ እየተባለ ከፊቱ ይጨመርበታል።

መጥሪያውን እንደ መግለጫ መውሰድ

በአንድ የምሳ ግብዣ ላይ አንዲት ወጣት አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው «ገ፣ ሻዩን አቀብለኝ» ስትል ሰምቼ ወንድሟ እንደሆነ ለጎኔ ሰው አስረዳሁ። ኋላ ስጠይቃት «ቢያውገዬ ነው» አለችኝ። «ታንግ» እና «ቢያው» የሚወጡት ስለ ሰውየው ለሦስተኛ ሰው ሲነገር ነው፤ ፊት ለፊት ሲጠራ አብዛኛውን ጊዜ ይቀራሉ። በአንድ ልጅ ፖሊሲ ዘመን የተወለዱ ብዙ ከተሜዎች ደግሞ የእናት ልጅ የሚሉት ስለሌላቸው፣ የአጎትና የአክስት ልጆቻቸውን በወሬም ገገና ጂዬጂዬ ይሏቸዋል። ማጣራት ከፈለጋችሁ «ቺንገ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «የእናት የአባትህ ልጅ ነው?» እንደማለት ነው።

በተቃራኒው ታናሽን በዝምድና ስም መጥራት ያን ያህል ግድ አይደለም። ታናሹ አብዛኛውን ጊዜ በስሙ ይጠራል፤ ታላቅን ግን በስሙ መጥራት ነውር ነው። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ጋሼንና እትዬን በባዶ ስማቸው አንጠራም። እንደ ጋሼም ሁሉ ቃሉ ከሥጋ ዘመድ ያልፋል። ከቤተሰብ ስም በኋላ ጂዬ ተጨምሮ «ዋንግ ጂዬ» የምትባል የሥራ ባልደረባ የማንም እህት አይደለችም፤ «እትዬ» ብሎ መተርጎም ያስኬዳል፣ «እህቴ ዋንግ» ግን አያስኬድም።

«ገ»ን «ጌ» ብሎ ማንበብ

ይህ አጭር ነው። ቻይንኛ በላቲን ፊደል በሚጻፍበት በፒንዪን «e» የምትለዋ ፊደል ብቻዋን ከተነባቢ ቀጥላ ስትመጣ ከ«ገበያ»ው «ገ» ጋር በጣም ትቀራረባለች፤ «ጌታ» ላይ እንዳለው አይደለችም። `gege` ገገ፣ `biaoge` ቢያውገ ነው። `jiejie` ላይ ግን ከ«i» በኋላ ስለመጣች ጂዬጂዬ ትሆናለች፤ ሁለተኛዋም ጂዬ ሳትጫን ቀለል ብላ ትነገራለች።

አያትን ሁሉ ናይናይ ማለት

ናይናይ የአባት እናት ብቻ ናት። የእናት እናት በደቡብ ዋይፖ፣ በሰሜን ላውላው ትባላለች። «ዋይ» እንደ ቢያው ሁሉ ውጭ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሻንጋይ ውስጥ በሁለተኛ ክፍል መማሪያ መጽሐፍ ላይ «ዋይፖ» ወደ «ላውላው» ተቀይሮ ሲገኝ ከተማው ተቆጣ፤ ቃሉም ወደ ነበረበት ተመለሰ። በአማርኛ ሁለቱም «አያቴ» ናቸው። እኔ መጀመሪያ በምትጠቀስበት ቦታ ላይ «የእናቴ እናት» እላለሁ፣ ከዚያ በኋላ «አያቴ» እያልኩ እቀጥላለሁ።