ከስሌቱ በኋላ በሚጻፈው ዓረፍተ ነገር ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ ተማሪዎችን ለስታቲስቲክስ ፈተና ሳዘጋጅ ሁልጊዜ የማሠራው አንድ ጥያቄ አለ። ከሐይቁ 64 ቆሮሶ ዓሣ በዘፈቀደ ተይዞ ተመዘነ እንበል። የናሙናው አማካይ 212 ግራም፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 40 ግራም ሆነ። በሐይቁ ያለው የቆሮሶ ሁሉ አማካይ ክብደት 200 ግራም ነው የሚለው ነል ሃይፖተሲስ በሁለቱም አቅጣጫ ይፈተን። ስሌቱን የሚሳሳት ጥቂት ነው። ስታንዳርድ ኤረሩ 5 ግራም፣ ቲ 2.4፣ ፒ ቫልዩው 0.019 ገደማ፣ የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉም ከ202 እስከ 222 ግራም ይሆናል። ማርኩ የሚጠፋው «ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስረዱ» ሲባል ነው።

«ነል ሃይፖተሲሱ እውነት የመሆን ዕድሉ 1.9 በመቶ ነው።» ይህን ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ አነበዋለሁ፤ በየዓመቱም ያበሳጨኛል፤ ምክንያቱም የሚጽፉት ብዙ ጊዜ ጎበዞቹ ናቸው። 0.019 ከየት እንደመጣ ተመልከቱ። ቲን ስታሰሉ ከ212 ላይ የቀነሳችሁት 200ን ነው። ሠንጠረዡን ስትከፍቱም የተጠቀማችሁበት ስርጭት አማካዩ 200 ከሆነ የሚገኘው ነው። ማለትም ነል ሃይፖተሲሱን ገና ከመጀመሪያው እውነት ነው ብላችሁ ተቀብላችኋል። እውነት ነው ተብሎ የተሰላ ቁጥር ተመልሶ «እውነት የመሆኑ ዕድል» ሊሆን አይችልም።

አሁንም ካልገባችሁ ወደ መንገድ ውጡና ባጃጆቹን ተመልከቱ። ባጃጅ ከሚነዱት ሰዎች አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ታዲያ ከወንዶች አብዛኞቹ ባጃጅ ነጂዎች ናቸው ልትሉ ነው? «ነሉ እውነት ከሆነ ይህን መረጃ የማግኘት ዕድል» እና «ይህ መረጃ ከተገኘ ነሉ እውነት የመሆን ዕድል» ልዩነታቸው ይኸው ነው። በፈተና ላይ እንዲህ ጻፉ፦ «እውነተኛው አማካይ 200 ግራም ቢሆን ኖሮ፣ ከ200 በ12 ግራም ወይም ከዚያ በላይ የሚርቅ የናሙና አማካይ የማግኘት ዕድሉ 0.019 ነው።» «ቢሆን ኖሮ» የምትለው ከቀረች መልሱ ፈረሰ፤ እኔም ሳርም መጀመሪያ የምፈልገው እሷን ነው።

«እውነተኛው አማካይ ከ202 እስከ 222 የመገኘት ዕድሉ 95 በመቶ ነው።» ይህን እኔም በማስተማር የመጀመሪያ ዓመቴ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ እውነተኛው አማካይ አንድ ቁጥር አይደል? እንዴት ዕድል ይኖረዋል?» አለችኝ። ልክ ነበረች። በማግስቱ የክፍሉን ተማሪዎች ሁሉ ይቅርታ ጠይቄ አረምኩት።

የስታቲስቲክስ ሊቁ ኔይማን እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣው ጽሑፍ ለኮንፊደንስ ኢንተርቫል በሰጠው ትርጉም መሠረት 95 በመቶው የሚገልጸው ዘዴውን እንጂ በእጃችን ያለውን አንድ ክልል አይደለም። ባለችበት ረግታ የቆመች አንዲት ዓሣ እና ደጋግሞ የሚወረወር መረብ አስቡ። ዓሣዋ እውነተኛው አማካይ ናት፤ መረቡ ከእያንዳንዱ ናሙና የሚወጣው ክልል ነው። በየጊዜው ሌላ 64 ቆሮሶ እየመዘንን ክልሉን ብናሰላ፣ በረጅም ጊዜ ከ100 ክልሎች 95 ያህሉ እውነተኛውን አማካይ ይይዛሉ። ከ202 እስከ 222 ያለው ግን የተወረወረ መረብ ነው፤ ወይ ይዟታል ወይ አልያዛትም፤ የትኛው እንደሆነ ግን አናውቅም። ዕድሉ የሚንቀሳቀሰው የመረቡ እንጂ የዓሣዋ አይደለም።

«95 በመቶው ቆሮሶ ከ202 እስከ 222 ግራም ይመዝናል።» ይህ ስለ አማካይ የተነገረውን ለእያንዳንዱ ዓሣ መስጠት ነው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 40 ግራም መሆኑን አትርሱ። ክብደቱ የኖርማል ስርጭትን የሚከተል ከሆነ፣ በዚያ ጠባብ ክልል ውስጥ የሚገኘው ከአምስት ዓሣ አንዱ ያህል ብቻ ነው።

«ፒ ቫልዩው ትንሽ ስለሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው።» ልዩነቱ 12 ግራም ነው። ትልቅ ይሁን ትንሽ የሚያውቀው ዓሣውን የሚያውቅ ሰው ነው።

«ፒ ቫልዩው ከ0.05 ስለበለጠ ልዩነት የለም።» ያንኑ ጥያቄ በ16 ዓሣ ብቻ ሥሩት። አማካዩ 212፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 40 እንደሆነ ይቆይ። ስታንዳርድ ኤረሩ ወደ 10 ያድጋል፣ ቲ ወደ 1.2 ይወርዳል፣ ፒ ቫልዩው 0.25 ገደማ ይሆናል። የ12 ግራሙ ልዩነት ግን እዚያው ነው፤ የቀነሰው የዓሣው ቁጥር ነው። ኢንተርቫሉ አሁን ከ191 እስከ 233 ግራም ድረስ ተዘርግቷል። 200 በውስጡ አለ፤ 225ም አለ። እንግዲህ «አማካዩ 200 መሆኑ ተረጋገጠ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ በዚያው መረጃ «225 መሆኑ ተረጋገጠ» ማለትም ሊኖርበት ነው። ትክክለኛው መልስ «ነል ሃይፖተሲሱን ውድቅ ለማድረግ በቂ ማስረጃ አልተገኘም» የሚለው ሲሆን፣ ቀጥሎም ኢንተርቫሉን ጻፉ፤ ናሙናው ምን ያህል ትንሽ እንደነበረ ለአራሚው የሚያሳየው እሱ ነው።