የዱበርቲዋ አፍ ለምን ተጨማደደ?

ደሴ ሆኜ ለአንዲት አጭር አኒሜሽን ዱዓ የምታደርግ ዱበርቲ እየሠራሁ ነበር። በኮምፒውተር የቀረጽኩት ስካልፕት 2 ሚሊዮን ገደማ ፖሊጎን አለው። ብሌንደር በሚባለው የ3D ፕሮግራም ላይ፣ መረቡን በራሱ እንደገና በሚሠራው `QuadriFlow`፣ ወደ 6 ሺህ ኳድ ማለትም ባለ አራት ጎን ገጽ አወረድኩት። ዝም ስትል ቆንጆ ናት። «አሚን» ልትል አፏን ስትከፍት ግን የከንፈሯ ጥግ እንደ ታኘከ ወረቀት ተጨማደደ።

ሁለት ቀን ሙሉ የአጥንቱን ዌይት፣ ማለትም አጥንቱ እያንዳንዱን ነጥብ ምን ያህል እንደሚጎትት የሚወስነውን ልክ፣ ስነካካ ዋልኩ። በከንቱ! ኮምቦልቻ ያለ ጓደኛዬ በስልክ «እስቲ የከንፈሯን ጠርዝ `Alt` ይዘህ ክሊክ አድርገው» አለኝ። አደረግኩት። የተመረጠው መስመር አፏን ዞሮ መግጠም ሲገባው እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየተጠማዘዘ አገጯ ላይ ወረደ። ሁሉም ኳድ ነው፤ የመስመሮቹ ፍሰት ግን እዚያ አፍ መኖሩን አያውቅም።

የአፏን ዙሪያ አጥፍቼ በእጄ ሠራሁት። ከከንፈሯ ጠርዝ ጀምሬ አምስት የተዘጉ ቀለበቶች ወደ ውጭ ዘረጋሁ። አምስት መስመር የሚገናኝባቸውን ነጥቦች ከከንፈሯ ጥግ አንስቼ ብዙ ወደማይታጠፈው ጉንጯ ገፋኋቸው። እነሱን ጨርሶ ማስወገድ አይቻልም፤ ቦታ መምረጥ ነው እንጂ።

ቀጥሎ አዲሱን መረብ ስካልፕቱ ላይ የሚለጥፈው `Shrinkwrap` የሚባል ሞዲፋየር አስቸገረኝ። ስካልፕቱ አፉ የተዘጋ ስለሆነ የላይኛውን ከንፈር ነጥቦች ታችኛው ላይ ይለጥፋቸዋል። የከንፈሯን ውስጥ በቨርቴክስ ግሩፕ ለይቼ ከሞዲፋየሩ አስወጣሁና በእጄ አስቀመጥኩት። የሚቀጥለውን ገጸ ባሕሪ ግን አፉን ገርበብ አድርጌ ነው የምቀርጸው። አሁን «አሚን» ስትል ጥጉ ይለጠጣል እንጂ አይጨማደድም።