በረዶ፣ ውሃ፣ እንፋሎት፦ የአክስት ልጅ ሲያስጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቁስ አካል ሁነቶችን ለአምስተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍል ልጅ ለማስጠናት አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል። መጀመሪያ በረዶ ይቀልጣል፤ ቀጥሎ ያው ውሃ ይፈላል፤ በመጨረሻ እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። የሚያስፈልገው ከፍሪዘር የወጣ በረዶ፣ ክዳን ያለው ትንሽ ድስት፣ ማንቆርቆሪያ፣ ብርጭቆና እስከ 110 ዲግሪ የሚያነብ ቴርሞሜትር ነው። የትኩሳት መለኪያው ይቅር፤ 42 አካባቢ ላይ ስለሚያበቃ የፈላ ውሃ ውስጥ ቢገባ ይበላሻል።

በረዶውን በችኮላ ማቅለጥ። ብዙ አስጠኚ በረዶውን ድስት ውስጥ ጨምሮ እሳቱን ይለቅና ልጁ ምንም ሳያይ ያልፋል። ይልቅ በረዶውን ፈጭታችሁ ብርጭቆ ውስጥ አድርጉት፣ ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩበት፣ በማንኪያ እያማሰላችሁ ልጁ በየሁለት ደቂቃው ቴርሞሜትሩን አንብቦ ይጻፍ። አስቀድማችሁ «በረዶው ሲቀልጥ ቁጥሩ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁት። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «ይጨምራል» ይላል። ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው ግን ዜሮ፣ ዜሮ፣ እንደገና ዜሮ ነው፤ ሽቅብ የሚጀምረው በረዶው ሊያልቅ ሲል ነው። ሙቀቱ ከክፍሉ አየር ወደ ብርጭቆው መግባቱን አላቆመም። ግን ውሃውን በማሞቅ ፈንታ የበረዶውን ቅንጣቶች እርስ በርስ አጥብቆ የያዘውን መሳሳብ ለማላላት እየዋለ ነው። ቁጥሩ ሦስት ወይም አራት ካሳየ አብዛኛውን ጊዜ ማማሰሉ ተረስቷል ወይም የቴርሞሜትሩ ጫፍ ከበረዶው ርቋል።

እዚህ ላይ «ቅንጣቶቹ ቀለጡ» የሚል ቃል ከአፋችሁ እንዳይወጣ ተጠንቀቁ። ልጁ እያንዳንዱ ቅንጣት እንደ ቅቤ ሲለሰልስ ይታየዋል። ቅንጣቱ ያው ነው፤ የተለወጠው አያያዙና እንቅስቃሴው ነው።

ነጩን ጉም እንፋሎት ነው ማለት። በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም ልጁ ጋዝ በዓይን ይታያል ብሎ ይቀራል። ማንቆርቆሪያው በደንብ ሲፈላ አፉን ከጎን አስተውሉት። ከአፉ ጫፍ አንስቶ ነጩ እስከሚጀምርበት ድረስ ትንሽ ባዶ የሚመስል ክፍተት አለ። እንፋሎቱ ያለው እዚያ ነው፣ አይታይም። ነጩ እንፋሎቱ ቀዝቃዛ አየር ሲያገኝ የሆናቸው ደቃቅ የውሃ ጠብታዎች ናቸው፤ ፈሳሽ ነው። ትንሽ ከፍ ብሎ የሚጠፋው ደግሞ ጠብታዎቹ መልሰው ስለሚተኑ ነው። ባዶ የሚመስለው ቦታ ከነጩ ይበልጥ ያቃጥላልና ልጁ እጁን እንዳያስገባ አስቀድማችሁ ንገሩት። በረጅም እጀታ የተያዘ ቀዝቃዛ ማንኪያ እናንተ ብታስገቡ ወዲያው ይረጥባል፤ ለማሳየት ይኸው ይበቃል።

የአረፋውን ጥያቄ በአንድ ቃል መዝጋት። «አረፋው ውስጥ ያለው አየር ነው» ሲላችሁ ቶሎ «ተሳስተሃል» አትበሉት፤ ግማሹን ያውቃል። ውሃው ገና ሲሞቅ ድስቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት ጥቃቅን አረፋዎች በአብዛኛው ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ አየር ናቸው። ሲንተከተክ ከታች የሚፈነዱት ትልልቆቹ ግን የውሃ ተን ናቸው። ለአሥር ደቂቃ አፍልታችሁ አረፋው መቀጠሉን አሳዩት። አየር ብቻ ቢሆን እስካሁን ባለቀ ነበር፤ እያነሰ የመጣው ግን ውሃው ነው።

100 ዲግሪን መጠበቅ። አዲስ አበባ ላይ ውሃው እየተንተከተከ ቴርሞሜትሩ 92 አካባቢ ይቆማል። መጽሐፉ 100 ስለሚል አስጠኚው «መሣሪያው ተበላሽቷል» ብሎ ያልፈዋል፣ ልጁም ያነበበውን ሰርዞ 100 ይጽፋል። ይህን አትፍቀዱ። 100 የሚባለው በባሕር ወለል ላይ ነው። ከተማው ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ውሃውን የሚጫነው በዝቅተኛ ኃይል ነው፤ ስለዚህ ቀድሞ ይፈላል። ድሬዳዋ ያለ ዘመድ ቢለካው 96 ገደማ ያገኛል። መሣሪያውን ከጠረጠራችሁ የበረዶው ሙከራ ይፈርዳል፦ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ዜሮን በትክክል ካሳየ ጥፋቱ የእሱ ላይሆን ይችላል። የቴርሞሜትሩ ጫፍ ግን የድስቱን ሥር እንዳይነካ፤ ከነካ ከውሃው ይልቅ የብረቱን ሙቀት ያነባል።

የብርጭቆውን ላብ ሳይፈትኑ ማብራራት። የድስቱ ክዳን ሥር ያለውን ጠብታ ልጁ በቀላሉ ይቀበላል፣ ውሃው ከታች ሲወጣ አይቷል። በረዶ የያዘ ብርጭቆ ከውጭ ሲረጥብ ግን «ሾልኮ ነው» ይላል። በቃል አትከራከሩት። ውሃውን በቀይ ስር ጭማቂ አቅልታችሁ በረዶ ጨምሩበትና ማፍላቱ እንዳበቃ እዚያው ኩሽና ውስጥ አስቀምጡት፤ በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ ሌላ ክፍል ውስጥ ላይረጥብ ይችላል። ከዚያ ልጁ ብርጭቆውን ከውጭ በነጭ ሶፍት ይጥረገውና ሶፍቱ ቀልቶ እንደሆነ ራሱ ይመልከት። ውሃው ከየት እንደመጣ የሚነግራችሁ እሱ ይሁን።