«አሸንፈሃል፣ የማድረሻ ብቻ ላክ» ሲሏችሁ፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ

የምትከታተሉት ኮሜዲያን ወይም ቲክቶከር ስልክ እሸልማለሁ ብሎ ቪዲዮ ይለቃል። እናንተም ከስር ኮሜንት ትጽፋላችሁ። ብዙም ሳይቆይ በዚያው ሰው ስምና ፎቶ «እንኳን ደስ አለህ፣ አሸንፈሃል፤ ቴሌግራም ላይ አናግረኝ» የሚል መልስ ይመጣል።

እኛ ሐዋሳ፣ ሰፈር ውስጥ ፀጉር ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ የደረሰባት ይኸው ነው። ከተማዋን ስትነግረው «ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ማድረሻ 850 ብር ብቻ» አላት። በቴሌብር ላከች። በማግስቱ ዕቃው መንገድ ላይ ነው፣ የኢንሹራንስ 1,500 ብር ይቀራል ተባለች። ይህንንም ላከች። ቀጥሎ «ስልክሽ ላይ የአሸናፊነት ኮድ ይገባል፣ ላኪልኝ» መጣ።

ምክንያቱ

ሽልማት የሚባል ነገር መጀመሪያውኑ የለም። አጭበርባሪው የሚፈልገው ያንን ክፍያ ነው። 850 ብር ከአንድ ስልክ ዋጋ አንጻር ትንሽ ስለሆነ ሰው «ምናለበት» ብሎ ይልካል። አንዴ ከላከ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያው ብር እንዳይቀልጥ ሁለተኛውን ይጨምራል።

እንዴት አመነች? ስሙ ልክ ነው፣ ፎቶው ልክ ነው፣ ከስሙ አጠገብ ሰማያዊ ምልክትም ነበረው። ቴሌግራም ላይ ስምና ፎቶ ማንም እንደፈለገ ይቀይራል። ሰማያዊውም ምልክት ብዙ ጊዜ ማረጋገጫ አይደለም፤ ለቴሌግራም ፕሪሚየም የከፈለ ሰው ከስሙ ጎን የሚለጥፈው ኢሞጂ ነው።

ሊገለበጥ የማይችለው ዩዘርኔሙ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ተንኮል አለ። ሌባው የራሱን ዩዘርኔም ባዶ ይተውና የታዋቂውን ዩዘርኔም ባዮ ውስጥ ይጽፈዋል። ፕሮፋይሉን ከፍታችሁ ከጽሑፉ ስር ያለውን ትንሽ መለያ እዩ። Bio የሚል ከሆነ የራሱ አይደለም፤ Username ማለት አለበት። ያም ቢሆን ፊደል በፊደል አወዳድሩት፤ አንድ ፊደል ወይም አንድ ሰረዝ ጨምረው ያወጡታል።

ሳትከፍሉ በፊት

እኔ የምመክረው ፈተና ቀላል ነው። «አዲስ አበባ ዘመድ አለኝ፣ በአካል መጥቶ ይውሰድልኝ» በሉት። ዕቃው በእጁ ያለ ሰው እምቢ የሚልበት ምክንያት የለውም። ፌኩ ግን «አይቻልም፣ የድርጅቱ አሠራር ነው» ይልና ያጣድፋችኋል። ዛሬ ካልከፈልክ ለሌላ ሰው ይሰጣል ማለትም ልማዱ ነው። ከዚያ በኋላ መልስ መስጠት አያስፈልግም።

ቴሌብር ላይ ቁጥሩን ስታስገቡ፣ ፒን ከመጻፋችሁ በፊት የተቀባዩ ስም ይወጣል። ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ልጅቷ ያየችው የማታውቀውን ሰው ስም ነበር። ስትጠይቀው «የሒሳብ ሠራተኛዬ ነው» አላት።

ከከፈላችሁ

የተላከን ብር ራሳችሁ መልሳችሁ መሳብ አትችሉም። ስለዚህ ሌባው አውጥቶት ሳይጨርስ ቶሎ 127 ደውሉ፤ በንግድ ባንክ ከላካችሁ 951። ከ127 የመጣውን መልእክት አታጥፉ፤ የግብይት ቁጥሩ እዚያ ላይ ነው። ቻቱን፣ ፕሮፋይሉንና የመጀመሪያውን ኮሜንት ስክሪንሾት አንሱና ፖሊስ ጣቢያ አመልክቱ። ተናዳችሁ ቀድማችሁ ብሎክ አታድርጉ፤ እሱ ቻቱን ከሁለታችሁም ስልክ ሊያጠፋው ስለሚችል መጀመሪያ ማስረጃውን ያዙ።

ኮዱን ከሰጣችሁ

ይሄኛው ከብሩ የባሰ ነው። «የአሸናፊነት ኮድ» ያለው የቴሌግራማችሁ መግቢያ ኮድ ነው። ሰጣችሁት ማለት በእናንተ ስም ገብቶ እናታችሁንና ጓደኞቻችሁን ብር ይጠይቃል።

ደግነቱ ቴሌግራም አዲስ የገባን ስልክ ወዲያው የድሮውን እንዲያስወጣ አይፈቅድለትም፤ 24 ሰዓት ያህል ያስጠብቀዋል። እናንተ ግን ከድሮው ስልካችሁ አሁኑኑ ማስወጣት ትችላላችሁ። Settings ግቡ፣ Devices ንኩ፣ ከዚያ Terminate All Other Sessions በሉ። ቀጥላችሁ Privacy and Security ውስጥ Two-Step Verification ከፍታችሁ የይለፍ ቃል አስገቡ። ከዚህ በኋላ ኮዱ ብቻውን አያስገባም።

ልጅቷ በዚያው ምሽት ይህን አድርጋ አካውንቷን አድናለች፤ ብሩ ግን አልተመለሰም። በሳምንቱ «ገንዘብሽን አስመልስልሻለሁ፣ ቅድሚያ 500 ብር» የሚል ሌላ ሰው ጻፈላት። እሱም ያው የማድረሻ ክፍያ ነው፤ ስሙን ቀይሮ መጣ እንጂ። አልላከችም።