ዱምቤል እያነሱ ጡንቻው ለምን አይለወጥም?

ምልክቱ፦ አንድ ወዳጄ 8 ኪሎ ዱምቤል በአንድ እጁ 15 ጊዜ እያጠፈ ያነሳል፤ አረፍ ብሎ ይደግማል፣ ይሠልሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክንዱ በርትቶለት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳያጓድል ቢሠራም ለውጥ የለም።

መንስኤው፦ ችግሩ ያለው በትጋቱ ላይ ሳይሆን በወረፋው ላይ ነው። የጡንቻ ቃጫዎች በቡድን የተከፋፈሉ ናቸው፤ እያንዳንዱን ቡድን የሚያዝዘው በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ያለ አንድ የነርቭ ሕዋስ ነው። ትንሹ ሕዋስ የሚያዝዛቸው ቃጫዎች ጥቂት፣ ጉልበታቸው አነስተኛ፣ ግን ቶሎ የማይደክሙ ናቸው። ትልቁ ሕዋስ ግን ብዙ ጠንካራና ቶሎ የሚዝሉ ቃጫዎችን ያንቀሳቅሳል።

ሥራ ሲጀመር የሚነቃው ትንሹ ነው። አካሉ ትንሽ በመሆኑ ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ተቃውሞ ከፍተኛ ነው፤ ስለዚህ እኩል ፍሰት ቢደርሳቸው ቮልቴጁ ከትልቁ ይልቅ በእርሱ ላይ በብዙ ይጨምራልና ቀድሞ ይተኩሳል። አንጎል አንድ በአንድ መምረጥ አይጠበቅበትም፤ ትእዛዙን ባጠነከረ ቁጥር ቀጣዩ ትልቅ ራሱ ተራውን ጠብቆ ይገባል። ይህን ሥርዓት ኤልውድ ሄኔማን ከ1950ዎቹ ጀምሮ በድመቶች ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች አሳይቷል። እኔ ስለ ሰውነት ካነበብኩት ሁሉ እንደዚህ ያስደነቀኝ ጥቂት ነው።

ወዳጄን «እስኪያቅትህ ድረስ ቀጥል» አልኩት። 31 ደረሰ። 15 ላይ ሲያቆም የኖረው ገና የመንገዱ እኩሌታ ላይ ነበር ማለት ነው፤ ከወረፋው ጫፍ ያሉት ትልልቆቹ ቃጫዎች በቂ ሥራ አላገኙም። ያልሠራ ቃጫ ደግሞ የሚያድግበት ምክንያት የለውም።

መፍትሔው፦ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ክብደቱን መጨመር ነው፤ ከ6 እስከ 10 ጊዜ ብቻ የሚያስነሳ ክብደት ከጅምሩ ብዙዎቹን ይጠራል። መገጣጠሚያው የሚያመው ሰው ግን ቀላሉን ይዞ፣ ሁለት ወይም ሦስት ማንሳት ብቻ ሲቀረው ቢያቆም ይሻለዋል። ትንንሾቹ እየደከሙ ሲሄዱ ያንኑ 8 ኪሎ ለማንሳት ትእዛዙ መጠንከር ስላለበት ትልልቆቹ በመጨረሻ ይገባሉ።

መድረሳቸው በምን ይታወቃል? ማቃጠሉን አትመኑት፤ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ፍጥነቱን ተመልከቱ። ወዳጄ እስከ 20ኛው ድረስ እያንዳንዱን በአንድ ሰከንድ ያህል አነሳ። 28ኛው ላይ ግን በሙሉ ኃይሉ እየገፋ እንኳ ዱምቤሉ መሐል ላይ ቆም ብሎ ወደ ሦስት ሰከንድ ፈጀበት። ሆን ተብሎ ያልተደረገ መዘግየት ሲመጣ ወረፋው ጫፍ አካባቢ ደርሷል።

በቆዳ ላይ ተለጥፎ ጡንቻን በኤሌክትሪክ የሚያኮማትር መሣሪያ ግን በዚህ ስሌት አይገባም። ነርቩን ከውጭ ስለሚነካው ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚሄደው ተራ አይጠበቅም፤ ጡንቻው ቶሎ የሚዝለውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።