ለሁለት ደቂቃ የቪዲዮ ትረካ ስንት ቃል ይበቃል?

በደቂቃ 150 ቃል የሚለው የተለመደ ስሌት ለእንግሊዝኛ የወጣ ነው። የአማርኛ ቃል ቅጥያው ብዙ ስለሆነ ረዘም ይላል፤ በዚያ ቁጥር የተጻፈ ስክሪፕት ሁለት ደቂቃውን አልፎ ይሄዳል። የራስን ፍጥነት መለካት ይሻላል።

ከምትተርኩት ጽሑፍ አንድ ገጽ ያህል ወስዳችሁ፣ ማይክ ፊት እንደምታነቡት ድምፅ አውጥታችሁ ለ2 ደቂቃ አንብቡና ያነበባችሁትን ቃል ቁጠሩ። በዓይን ብቻ ማንበብ ስለሚፈጥን አያገለግልም። 200 ቃል ከሆነ ፍጥነታችሁ በደቂቃ 100 ነው።

አሁን ከ120 ሰከንድ ላይ የመግቢያውን ሙዚቃና ምስሉ ብቻውን የሚታይባቸውን ቦታዎች ቀንሱ። አራት ነጥብ ላይ የምትተነፍሱበት ግን ልኬቱ ውስጥ ስላለ ድጋሚ አይቀነስም። የሚቀነሰው 15 ሰከንድ ቢሆን 105 ይቀራል፤ 105 ሲካፈል ለ60፣ ሲባዛ በ100፣ 175 ቃል ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አሃዝ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ «1998 ዓ.ም.»ን ሁለት ቃል ብሎ ይቆጥረዋል፤ ሲነበብ ግን «አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት ዓመተ ምህረት» ስምንት ቃል ነው። ስለዚህ ከመቁጠራችሁ በፊት አሃዙንም ምህጻረ ቃሉንም በፊደል ዘርዝሩት።

የመጨረሻው ንባብ 2:08 ከመጣ፣ 8 ሰከንዱ 13 ቃል ገደማ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር አውጡ እንጂ አፍጥናችሁ አታንብቡ፤ ሲፈጠን የግሱ መድረሻ ይዋጣል፣ አድማጩም ማን ምን እንዳደረገ ያመልጠዋል።